ባዶውን ወንበር ከፎቶው ማውጣት፦ ተራርቀው የተነሱ ሰዎችን የማቀራረብ አሠራር

እናቴና ታላቅ እህቷ ደሴ ውስጥ በአክስቴ ግቢ፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተነሱት ፎቶ አለ። እህቴ በመካከላቸው ተቀምጣ ነበር። ፎቶውን ራሷ ለማንሳት ስትነሳ ቦታዋ ባዶ ቀረ፤ ሁለቱም ጠጋ ሳይሉ፣ እንደተኳረፉ ሰዎች በወንበሩ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ተነሱ። ከኋላቸው የቆርቆሮ አጥር ቆሟል፤ ከአጥሩ በላይ ጦሳ ተራራ ይታያል። ከፊታቸው ቄጠማ ተጎዝጉዞ ረከቦት ተቀምጧል። አክስቴ ይህን ፎቶ አሳትሜ እንድሰጣት ስትጠይቀኝ ባዶውን ቦታ አውጥቼ ሁለቱን ለማቀራረብ ወሰንኩ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከሰፊው ፎቶ መሃል አንድ ቀጥ ያለ ቁራጭ ይወጣል፤ የቀኙ ግማሽ ወደ ግራ ተገፍቶ ከግራው ጋር ይገጥማል። እንደዚያ ብቻ የተሠራ ፎቶ ግን በአንድ እይታ ይታወቃል፤ ተራራው ደረጃ ይሠራል፣ የአጥሩ ሞገድ ይሰበራል፣ የወንበሩ ጠርዝ ይዛነፋል። እነዚህ ሦስት ስህተቶች ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች አሏቸው፤ የሚከተለው አሠራርም አንድ በአንድ የሚፈታቸው ነው። እኔ የምጠቀመው በነጻ የሚገኘውን GIMP የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሌየር የሚባሉ ተደራራቢ የሥዕል ንጣፎችና የሌየሩን ከፊል የሚሸፍን ማስክ ያለው ማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ግን በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል።

በመጀመሪያ ፎቶውን አቃኑ

በስልክ የተነሳ ፎቶ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ትንሽ ያዘነበለ ነው። ዓይን አያስተውለውም፤ መቀስ ግን ያጋልጠዋል። አንድ ዲግሪ ያዘነበለ ፎቶ ላይ 600 ፒክስል ስፋት ያለው ቁራጭ ብታወጡ፣ ቀጥ ማለት የነበረበት አግድም መስመር በመጋጠሚያው ላይ ወደ 10 ፒክስል ያህል ይዛነፋል። የወንበር ጠርዝ ላይ 10 ፒክስል ማለት የተሰበረ ወንበር ማለት ነው።

ስለዚህ ከምንም ነገር በፊት የመለኪያውን መሣሪያ (`Measure`) አንስታችሁ ከወንበሩ መቀመጫ ጠርዝ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ መስመር ሳቡ፤ ከዚያም በመሣሪያው አማራጮች ውስጥ `Straighten` የሚለውን ተጫኑ። የእኛ ፎቶ 0.7 ዲግሪ ያዘነበለ ሆኖ ተገኘ። ሲቃና በማዕዘኖቹ ላይ ባዶ ሦስት ማዕዘኖች ስለሚፈጠሩ እነሱን መከርከም ግድ ነው። 4000 በ2250 የነበረው ፎቶ ከተከረከመ በኋላ 3900 በ2200 ፒክስል ሆነ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በዚህኛው ላይ የተለኩ ናቸው።

ስንት ይውጣ?

የሚወጣውን ስፋት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሦስቱን ማስታረቅ የዚህ ሥራ ግማሹ ነው።

አንደኛው በሰዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። የመዳፊቱን ቀስት ነገሩ ላይ ስታደርጉት ቦታው ከመስኮቱ ግርጌ በቁጥር ይነበባል። የእናቴ ነጠላ ጫፍ ከግራ 1450ኛው ፒክስል ላይ ያበቃል፤ የአክስቴ ክንድ 2450ኛው ላይ ይጀምራል። ክፍተቱ 1000 ፒክስል ነው። አንዷ ሰው ወደ 600 ፒክስል ስለምትይዝ፣ መሃላቸው ከ600 በታች ከሆነ ሌላ ሰው ሊቀመጥበት የሚችል ባዶ ቦታ አይመስልም። ከመጠን በላይ ማጥበብም ጥሩ አይደለም። ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ አንዱ የሌላውን ልብስ ይጫናል፤ አንዱ በሌላው ላይ ጥላ ይጥላል። በፎቶው ውስጥ ግን ያ ንክኪ የለም፤ ዓይን ይህን ወዲያው ይይዛል። ስለዚህ ጥቂት አየር በመካከላቸው ይቅር።

ሁለተኛው የማተሚያው ወረቀት ነው። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ህትመት ስፋቱ የቁመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ቁመታችን 2200 ስለሆነ ስፋታችን 3300 ቢሆን ምንም ሳይከረከም ወረቀቱ ላይ ይሞላል። ከ3900 ላይ 600 ይውጣ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት አጥሩ ነው። የቆርቆሮ ሞገድ በእኩል ርቀት የሚደጋገም ነገር ነው። የሚወጣው ቁራጭ ሙሉ ሙሉ ሞገዶችን ካልያዘ፣ መጋጠሚያው ላይ አንድ ግማሽ ሞገድ ይቀርና አጥሩ ተጣጥፎ የተገጣጠመ ይመስላል። አሥር ሞገዶችን በአንድነት ለክታችሁ ለአሥር ብታካፍሉ የአንዱ ስፋት በትክክል ይወጣል፤ አንዱን ብቻ መለካት ስህተቱን ያበዛዋል። የእኛ አጥር አንድ ሞገድ 54 ፒክስል ነው። 11 ሞገድ 594 ፒክስል ይሆናል፤ ከ600 የሚለየው በ6 ብቻ ነው። ስለዚህ 594 ይወጣል፤ በመጨረሻ የቀረው 6 ፒክስል ከዳር ይከረከማል። ሲወጣ በእናቴና በአክስቴ መካከል 406 ፒክስል ይቀራል። ሦስቱም ታረቁ።

ቁራጩ ከየት ይውጣ የሚለው ደግሞ በተቻለ መጠን ከፎቶው እኩሌታ ግራና ቀኝ እኩል ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ሌንሶች የፎቶውን መሃል አብርተው ጠርዙን በትንሹ ያጨልማሉ። ከመሃል በእኩል ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ቦታዎች የጨለማቸው መጠን ተመሳሳይ ስለሆነ ሲገናኙ ልዩነት አያሳዩም። የእኛ መሃል 1950 ነው፤ ቁራጩም ከ1653 እስከ 2247 ሆነ።

መቁረጥ ሳይሆን መደራረብ

አሁን የምነግራችሁ ሥራውን ሁሉ የሚለውጠው ነጥብ ነው። ፎቶውን በእውነት አትቁረጡት። ከቆረጣችሁት መጋጠሚያው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይሆናል፤ ማስተካከያ የሚሆን ትርፍ ነገርም አይኖራችሁም። ይልቅ ፎቶውን በ`Layer → Duplicate Layer` እጥፍ አድርጉት። ከላይ ያለውን ሌየር መርጣችሁ ግልጽነቱን የሚወስነውን `Opacity` ወደ 50 አውርዱ፤ በ`Move` መሣሪያ ወደ ግራ ግፉት። ሁለት እናቶችና ሁለት አክስቶች እንደ ጥላ ተደራርበው ይታያሉ። ወደ 594 ፒክስል ያህል ሲጠጋ በቀስት ቁልፎች አንድ አንድ ፒክስል እያንቀሳቀሳችሁ የአጥሩ ሞገዶች ልክ እስኪገጥሙ ድረስ አስተካክሉ። ሲገጥሙ ጭጋግ የመሰለው አጥር በአንድ ጊዜ ጥርት ይላል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩን መቁጠር አያስፈልግም። የወንበሩ ጠርዝም ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከሆነ በላይና በታች ቀስት አንድ ሁለት ፒክስል አንቀሳቅሱ።

ከዚያ `Opacity` ወደ 100 ይመለስ። ለላይኛው ሌየር በ`Layer → Mask → Add Layer Mask` ነጭ ማስክ ጨምሩለት። ማስክ ላይ ነጭ የሆነው ቦታ የላይኛውን ሌየር ያሳያል፤ ጥቁር የሆነው ይሸፍነውና የታችኛውን ያሳያል። ከግራ ጠርዝ እስከ 1653 ያለውን ሙሉ ቁመት በአራት ማዕዘን መምረጫ ያዙትና ጥቁር ሙሉት፤ ከዚያም ምርጫውን በ`Select → None` አንሱት። ግራው ከታችኛው ሌየር፣ ቀኙ ከላይኛው ሆነ። እናቴና አክስቴ ተቀራረቡ፤ መሃላቸው ግን ቀጥ ያለ ስንጥቅ አለ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ስንጥቁን በብሩሽ ወደሚደበቅበት ቦታ መምራት ነው። ነጭ ስትቀቡ መጋጠሚያው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ጥቁር ስትቀቡ ወደ ቀኝ። ስትሳሳቱ በሌላው ቀለም መልሶ መቀባት ብቻ ነው፤ ከፎቶው ምንም አይጠፋም።

ተራራው

በቀጥታው መጋጠሚያ ላይ የጦሳ ጫፍ መስመር 90 ፒክስል የሚሆን ደረጃ ሠርቶ ነበር። ፎቶውን ማቃናት ይህን አይፈታውም፤ ተራራው በተፈጥሮው ያዘቀዝቃልና በ594 ፒክስል ውስጥ ያን ያህል ወርዷል። መፍትሔው በሁለቱ ሌየሮች ላይ ያሉት የተራራ መስመሮች የሚቋረጡበትን ቦታ መፈለግ ነው። የላይኛውን ሌየር ማስክ ለጊዜው አጥፍታችሁ `Opacity` ወደ 50 መልሳችሁ፣ ወይም ከማስኩ በፊት በ50 ግልጽነት ላይ ሳላችሁ፣ ሁለቱን መስመሮች ተመልከቱ፤ እንደ መቀስ ምላጭ የሚተላለፉበት ቦታ ይኖራል። እዚያ ላይ ቁመታቸው እኩል ነው።

ተራራው ከሰዎቹ ራስ በላይ ስለሆነ መጋጠሚያው እዚያ የግድ በሰዎቹ መካከል መሆን የለበትም። በእኛ ፎቶ መስመሮቹ በሁለት ቦታ ይተላለፋሉ። አንዱን ብመርጥ የተራራው ከፍተኛ ጫፍ ተቆርጦ ይወጣ ነበር። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ጦሳን እየተመለከተ ነው የሚነቃው፤ ጫፉ የጎደለ ጦሳ አላሳየውም። ሁለተኛው ከእናቴ ራስ በላይ፣ 1050ኛው ፒክስል ላይ፣ ተራራው ጎድበብ ያለበት ቦታ ነው። የወጣው ያ ጎድጓዳ ስለሆነ ተራራው ትንሽ አጠረ እንጂ መልኩን አልለቀቀም።

መጋጠሚያው እንግዲህ ከሰማዩ ተነስቶ 1050 ላይ ተራራውን ያቋርጣል፣ እስከ አጥሩ የላይኛው ጠርዝ ይወርዳል፣ ከዚያ በአጥሩ ጠርዝ ላይ አግድም ወደ ቀኝ እስከ 1653 ይሄዳል፤ ከዚያ ቁልቁል ይቀጥላል። የአጥሩ ጠርዝ ራሱ ድንበር ስለሆነ በላዩ የሚሄድ መጋጠሚያ አይታይም። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ ከአጥሩ ፊት ለፊት ቆሞ ወደ ላይ የሚዘልቅ ነገር፣ ለምሳሌ የመብራት እንጨት፣ ካለ ከላይና ከታች የተለያየ ቦታ ስለሚወጣ ግርጌ የሌለው ጫፍ በአየር ላይ ሊቀር ይችላል። ከአጥሩ በስተኋላ ያለ ባሕር ዛፍ ግን ግንዱን አጥሩ ስለሚሸፍነው አያስቸግርም።

ሰማይ በሰፊው፣ አጥር በጠባቡ

የብሩሹ ለስላሳነት በየቦታው ይለያያል። ሰማዩ ላይ ምንም መስመር የለም፤ ያለው ከፀሐይ በራቀ ቁጥር ቀስ እያለ የሚለወጥ ብርሃን ብቻ ነው። እዚያ 300 ፒክስል የሆነ በጣም ለስላሳ ብሩሽ ተጠቅማችሁ አንዱን ሰማይ ወደ ሌላው አሟሙት። ጠባብ ብሩሽ ከተጠቀማችሁ ሰማዩ ላይ ቀጥ ያለ የጥላ መስመር ይቀራል።

አጥሩ ላይ ተቃራኒው ነው። ቆርቆሮው የዝገት ነጠብጣብና የሚስማር ምልክት አለው፤ ሰፊና ለስላሳ ብሩሽ ሁለቱን ገጽታዎች ያደራርብና ግማሽ የጠፋ፣ ጭስ የመሰለ ነጠብጣብ ይሠራል። እዚያ 10 ፒክስል ገደማ ይበቃል፤ መጋጠሚያውን ደግሞ ሞገዱ ወደ ውስጥ በገባበት ጥቁር መስመር ላይ አሳርፉት። በወንበሩ ሳንቃ ላይም እንዲሁ ጠባብ ይሁን። ቄጠማው ላይ ብሩሹን መካከለኛ አድርጋችሁ እጃችሁን እያወዛወዛችሁ ሂዱ፤ የሣር ዝንጣፊ ራሱ የተዘበራረቀ ስለሆነ የተወዛወዘ መጋጠሚያ ውስጡ ይጠፋል።

ሁሉም ገጥሞ ሳለ ቀኙ በጠቅላላ ከግራው የፈዘዘ ወይም የደመቀ ከሆነ፣ ከማስኩ ሳይሆን ከላይኛው ሌየር ሥዕል ላይ መሆናችሁን አረጋግጣችሁ በ`Colors → Curves` መሃሉን በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ። በጥቂቱ ነው የምለው፤ ፊት ላይ የሚታይ ለውጥ ካመጣ በዝቷል።

ረከቦቱ

ረከቦቱ ከ1500 እስከ 1900 ባለው ቦታ ላይ ነበር። ቀጥታው መጋጠሚያ 1653 ላይ ለሁለት ሰነጠቀው፤ ከስኒዎቹ ግማሾቹ ጠፉ። የቡናውን ቦታ ከፎቶው ማውጣት ፈጽሞ አልፈለግሁም። መጋጠሚያው ግን ቀጥ እንዲል የሚያስገድደው ነገር የለም። ከታች፣ ቄጠማው ላይ፣ ጥቁር ቀለም እየቀባሁ መጋጠሚያውን ወደ ቀኝ እስከ 1920 አሳለፍኩት፤ ረከቦቱ ሙሉ በሙሉ ከታችኛው ሌየር ታየ። አክስቴ ወደ ግራ ከመጣች በኋላ እግሯ 1966 ላይ ስለሚጀምር መጋጠሚያው በረከቦቱና በእግሯ መካከል ባለችው ጠባብ መንገድ አለፈ። ያቺ መንገድ ባትኖር ኖሮ የሚወጣውን ስፋት በአንድ ሞገድ ቀንሼ 540 አደርገው ነበር።

የማይሆንባቸው ፎቶዎች

ይህ አሠራር የሚይዘው ከፊት ለፊት በተነሱ ፎቶዎች ላይ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ዘመዴ በአጥር ጥግ፣ ከጎን በኩል ባነሳው ፎቶ ላይ ሞክሬ አልሆነልኝም። አጥሩ እየራቀ ስለሚሄድ በግራ 60 ፒክስል የነበረው ሞገድ በቀኝ 40 ሆኗል፤ የትኛውም ስፋት ቢወጣ ሁለቱ አይገጥሙም። የወለል ንጣፍም እንዲሁ ነው፤ መስመሮቹ ወደ ሩቅ አንድ ነጥብ ስለሚሰበሰቡ ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ያሉት በተለያየ አቅጣጫ ያዘነብላሉ።

ሁለቱ ሰዎች ከካሜራው በተለያየ ርቀት ላይ ከሆኑም አትሞክሩ። ተራርቀው ሳለ የማይታወቀው የቁመት ልዩነት ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱን ግዙፍ ሌላውን ሕፃን ያስመስለዋል። በጣም ሰፊ በሆነ ሌንስ የተነሳ ፎቶ ደግሞ ዳር ያሉ ሰዎችን ወደ ውጭ ይለጥጣቸዋል። ወደ መሃል ስታመጧቸው መለጠጣቸው አብሯቸው ይመጣል።

ለዜና ወይም ለማስረጃ የሚውል ፎቶ ላይ ይህን አታድርጉ፤ ማን ከማን አጠገብ እንደነበረ ፎቶው ይመሰክራልና። ለቤተሰብ ህትመትም ቢሆን ያልተነካውን ፎቶ ለብቻው አስቀምጡ።

ከማሳተም በፊት

ሥራውን ከነሌየሮቹ በ`.xcf` አስቀምጡ። ከዚያ በስተቀኝ ያለውን ትርፍ ከርክማችሁ ስፋቱን 3300 አድርጉ፤ በ`File → Export As` በ`.jpg` አውጡ። ይህ መጠን ለ10 በ15 ከበቂ በላይ ነው፤ እስከ 20 በ30 ሳንቲሜትር ድረስም ጥርት ብሎ ይታተማል።

ስህተትን ለማግኘት ሁለት መንገድ አለኝ። አንደኛው ፎቶውን በ`Image → Transform → Flip Horizontally` ገልብጦ ማየት ነው፤ የለመድነው ነገር ሲገለበጥ ዓይን እንደ አዲስ ያያል። ሁለተኛው በቦታው ለነበረ ሰው ምንም ሳይናገሩ ማሳየትና ዓይኑ የት ላይ እንደሚቆም መከታተል ነው።

ለአክስቴ በስልኬ አሳየኋት። ጦሳን አለፈችው፤ አጥሩንም አለፈችው። ከወንበሩ ሥር ስትደርስ ቆመችና፣ «ይቺ ጥላ የምን ናት?» አለችኝ። የወንበሩ መካከለኛ እግር 1950 ላይ ስለነበረ ከቁራጩ ጋር ወጥቷል፤ ወደ ግራ የጣለው ጥላ ግን ለረከቦቱ ብዬ ባስቀረሁት ክፍል ውስጥ፣ ከረከቦቱ ኋላ ቀርቷል። እግር የሌለው ጥላ። ወደ ማስኩ ተመልሼ ከረከቦቱ በላይ ያለውን መጋጠሚያ በነጭ እየቀባሁ እስከ 1653 መለስኩት፤ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ከረከቦቱ ጫፍ ጀምሮ ብቻ ሆነ። ጥላው ጠፋ፤ ህትመቱም በማግስቱ ወጣ።